ዓምዶቹ የተዛነፉበት ቅጽ

የንብረት ገቢ ደረሰኝ ስካን ተደርጎ በጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ የሰንጠረዡ መስመሮች ይጠፉና ተራ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ቅጹ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና ጠቅላላ ዋጋ የሚሉ ስድስት ዓምዶች አሉት እንበል። ከሶፍትዌሩ የወጣው ይህ ነው፦

```
1 የፎቶኮፒ ወረቀት ደስጣ 112 250.00 3,000.00
2 እስክሪብቶ 40 15.00 600.00
3 ክላሰር ቁጥር 8 110.00 880.00
```

ብዙ ሰው ይህን በቃላቱ መካከል ባለው ክፍተት እየቆረጠ ወደ ኤክሴል ያስገባዋል። ጥፋቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። «የፎቶኮፒ ወረቀት» ሁለት ቃል በመሆኑ የመጀመሪያው ረድፍ ሰባት ቦታ ይከፈላል። ሁለተኛው ግን አምስት ብቻ ነው፤ መለኪያው አልተሞላም፣ ባዶ ሳጥን ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ 40 ወደ መለኪያ፣ 15 ብሩ ወደ ብዛት ይገባል።

መፍትሔው ከቃሉ ይልቅ የቃሉን ቦታ መያዝ ነው። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን መረጃ ይሰጣል፦

```
tesseract form.png out -l amh+eng tsv
```

ከዚህ በሚገኘው ፋይል እያንዳንዱ ቃል በገጹ ላይ ከግራና ከላይ ስንት ፒክስል ርቀት ላይ እንዳለ፣ ስፋቱና ቁመቱም ተጽፏል። የብዛት ዓምድ ከ760 እስከ 880 ፒክስል ቢሆንና 40 የተጻፈው 830 አካባቢ ቢገኝ፣ በፊቱ ስንት ቃል ቢኖር ባይኖር ቦታው ብዛት ውስጥ ነው። ባዶውም ሳጥን ባዶነቱን እንደያዘ ይቀመጣል።

ከዚህ በፊት ግን የወረቀቱ መዘንበል መስተካከል አለበት። በ200 ዲፒአይ ስካን የተደረገ የኤ4 ገጽ ስፋቱ 1,650 ፒክስል ያህል ነው። ገጹ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ የረድፉ ቀኝ ጫፍ ከግራው በ29 ፒክስል ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ረድፎቹ በተቀራረቡበት ቅጽ ላይ ይህ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ለጎረቤቱ ለመስጠት ይበቃል።

112 ግን በትክክለኛው ዓምድ ውስጥ ሆኖም ስህተት ነው። 112 በ250 ሲባዛ 28,000 እንጂ 3,000 አይመጣም። ስሌቱ ብቻውን የትኛው ቁጥር እንደተበላሸ አይነግረንም፤ ምናልባት ጠቅላላ ዋጋው ይሆናል። እዚህ ላይ እንደገና ቦታው ይረዳል፤ የ112 ግራ ጫፍ በትክክል በዓምዱ መስመር ላይ ካረፈ፣ ሶፍትዌሩ ቋሚውን መስመር 1 ብሎ አንብቦታል ማለት ነው። ብዛቱ 12 ሲሆን ረድፉ ይታረቃል፤ ከታች የተጻፈው ድምር 4,480 ከሆነም ሦስቱ ጠቅላላ ዋጋዎች በትክክል መነበባቸው ይረጋገጣል።

ሒሳብ ስላልገጠመ ብቻ ቁጥር መቀየር ግን አደገኛ ነው። ደረሰኙን የሞላው ሰው ራሱ ማባዛት ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ስህተት ለኦዲተሩ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ምስሉ ላይ ታይቶ ያልተረጋገጠ ቁጥር እንደተነበበው ይቆያል፣ ጎኑም ምልክት ይደረግበታል።