የቤት ሥራው ተቀይሯል፦ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች



ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልጆቻችሁ ከመጽሐፍ እየገለበጡ የሚያመጡት የቤት ሥራ ቀርቷል። በምትኩ በየቀኑ አንድ አጭር ምንባብ ጮክ ብለው ያነቡላችኋል፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግተው ያነበቡትን ይነግሯችኋል። ሁለቱም ተደምረው ሩብ ሰዓት ቢፈጁ ነው። ፊደል ያልቆጠራችሁ ወላጆች «እኛ ምን ልናግዝ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ከሁሉ በፊት ለእናንተ ነውና የሚያነብላችሁ ሰው ቀስ ብሎ ያንብብ።

መገልበጡን የተውነው ልጅ ቃሉን ሳያነብ ቅርጹን ብቻ እያየ መጻፍ ስለሚችል ነው። ደብተሩ በሚያምር ጽሕፈት ተሞልቶ፣ ከዚያው ደብተር አንድ መስመር አንብብ ሲባል ዝም የሚል ተማሪ በክፍሌ አለ። ሌላው የሚያታልለን በቃል መያዝ ነው። ምንባቡ በክፍል ተደጋግሞ ስለተነበበ ልጁ አንድም ሳይሳሳት ይወጣዋል፤ ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሀሁን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደሉን መለየት አለመለየቱ የሚታወቀው አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ነበር፤ እዚያ ፊደላቱ ተራቸውን ለውጠው ስለሚመጡ ዜማው አያድነውም።

እናንተም ማንበብ ሳያስፈልጋችሁ ይህንኑ መለየት ትችላላችሁ። የዚህ ሳምንት ምንባብ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ማሽላ ዘራ። ግሪሳ ወፍ መጣ። እኔ ማማ ላይ ወጣሁ። ወንጭፍ ይዤ አባረርኩት።» ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ከመሐል አንድ ቃል በጣታችሁ አሳዩና «ይቺስ ምን ትላለች?» በሏት። ከዚያ ከሌላ መስመር ሌላ ቃል አሳዩ። ጥቂት ቆይታችሁ ወደ መጀመሪያው ቃል ተመለሱ። መልሷ ከቅድሙ ከተለየ ገምታለች ማለት ነው።

አንዳንዴ ግምቱ በዓይን ይታያል። «ወንጭፍ» ላይ «ወፍ» ብላ የምታልፍ ልጅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አይታ መሐሉን ዘላዋለች። «ወፍ» ሁለት ፊደል፣ «ወንጭፍ» አራት ፊደል ነው፤ ፊደል የማያውቅ ሰውም አንዱ አጭር ሌላው ረጅም መሆኑን ያያል። «ሁለቱም ወፍ ከሆኑ ይሄኛው ለምን ረዘመ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ጣቷን እያሳረፈች እንደገና ታንብበው።

ስትደናቀፍ ቶሎ አትናገሩላት። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ካልመጣላት ቃሉ አጠገብ በእርሳስ ነጥብ አድርጉና ወደሚቀጥለው ትለፍ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ቃሉን እንዳይነግሯት አደራ። እነሱ ከነገሯት ነጥቡ አይኖርም፣ እኔም የቱን ፊደል እንደሳተች አላውቅም። ጠዋት መጀመሪያ የማየው እነዚያን ነጥቦች ነው። አራት አምስት ልጆች «ቢ» እና «ቤ» ባሉባቸው ቃላት ላይ ነጥብ ይዘው ከመጡ፣ የዚያን ቀን የማስተምረው እግርና ቀለበቱን ነው። ስለዚህ ብዙ ነጥብ ያለበት መጽሐፍ ይዞ የመጣ ልጅ አይቀጣም፤ እናንተም አትቆጡት። የተቆጡት ልጅ ነጥቡን በላጲስ አጥፍቶ ይመጣል።

መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ «ማን መጣ? ልጁ ምን አደረገ? ለምን?» እያላችሁ ጠይቁ። ይህ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ማማው ላይ ሆኖ፣ ውሃ የምትቀዳዋ መንገድ ላይ ሆና መናገር ይችላሉ። በቤታችሁ የምትነጋገሩት በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ በዚያው ይንገሯችሁ፤ የገባው ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ይናገረዋል። ንባቡን ግን በቀን ብርሃን አድርጉት። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ደግሞ ማለዳ ቢያነብ ይሻላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ታሪክ መጽሐፉን ሳይከፍት ድጋሚ ጠይቁት፤ ለማስታወስ ሲቸገር ብታዩም ታገሱት፣ ታሪኩ አእምሮው ውስጥ የሚቆየው ያኔ ነው።

ቃል በጣት እያሳያችሁ በመጠየቅ የማይያዝ ስህተትም አለ። አንድን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስህተት የሚያነብ ልጅ መልሱ ስለማይለዋወጥ ለእናንተ ትክክል ይመስላል። እሱን ማግኘት የእኔ ሥራ ነው፤ ለዚህም ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው አስነብባለሁ።

ለሁለት ሳምንት ነጥቡ ካልቀነሰ፣ ወይም ልጁ መጽሐፉን ወደ ዓይኑ በጣም እያስጠጋ ወይም ዓይኑን እያሻሸ የሚያነብ ከሆነ፣ መጽሐፉን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት ኑ። ዓይኑን የሚያመው ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ በዚያ ምክንያት ለሚቀርበት ቀን አልቆጣውም።

የክፍሉ መምህር