የካሳ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ለሥራ አስኪያጁ ምን ይጻፋል?

መኪናው ከተጋጨ ወራት አልፈዋል፡፡ መድን ድርጅቱ ግን ለካሳ ጥያቄው «እየታየ ነው» ከማለት በስተቀር ምላሽ አልሰጠም፡፡ በዚህ ጊዜ ብዙ ደንበኞች ለዋናው ሥራ አስኪያጅ አቤቱታ ይጽፋሉ፡፡ ደብዳቤው ምሬት ብቻ ከያዘ ግን ሥራ አስኪያጁ በኅዳጉ ላይ «አጣርታችሁ አቅርቡ» ብለው ወደ ካሳ ክፍል ይመሩታል፤ ጉዳዩም ተመልሶ በዘገየበት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፡፡

ይህን የሚያስቀረው የቀን ቅደም ተከተል ነው፡፡ ለምሳሌ ያህል አንድ የአይሱዙ ባለንብረትን እንውሰድ፡፡ ግጭቱ የደረሰው ጥቅምት 6 ሲሆን ባለንብረቱ ጥቅምት 8 ለድርጅቱ አስታወቁ፡፡ የመጨረሻውን ማስረጃ ማለትም የፖሊስ ሪፖርቱን ኅዳር 12 አስገቡ፡፡ የድርጅቱ ገማች ታኅሣሥ 3 መኪናውን አይቶ ጥገናውን 240 ሺህ ብር ገመተ፡፡ ከዚያ በኋላ ከጥር እስከ ሚያዝያ በየወሩ አንድ ደብዳቤ ቢያስገቡም መልስ አላገኙም፡፡

ከእነዚህ ቀናት ሁሉ ክብደት ያለው ኅዳር 12 ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ «ማስረጃ ጎድሏል» የሚለው ምክንያት ሊቀርብ የሚችለው ድርጅቱ የጎደለውን በጽሑፍ ጠይቆ ከሆነ ብቻ መሆኑን ደብዳቤው ማሳየት አለበት፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን ከመዝገብ ቤቱ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ካለበት ቅጂ ጋር ይያያዛል፡፡ በስልክ ብቻ የተደረገ ክትትል ማስረጃ የለውም፡፡

ቀጥሎ የሚፈለገው ውጤት በግልጽ ይጻፋል፡፡ በውሉ መሠረት ባለንብረቱ የሚሸፍኑት 10 ሺህ ብር ቢሆን ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፤ «ደብዳቤው በደረሰ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ 230 ሺህ ብር እንዲከፈለኝ፤ ክፍያው የማይገባ ከሆነም የውሉ አንቀጽ ተጠቅሶ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፡፡» ሁለተኛው አማራጭ እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም፡፡ በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ መከራከሪያ ይሆናል፤ ዝምታ ግን የሚከራከሩበት ነገር አያስገኝም፡፡

ቀነ ገደቡ ካለፈ ደንበኛው መድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላል፡፡ በካሳው መጠን ላይ ዳኝነት የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤት ነው፤ ውሉ ግልግልን ካስቀደመም የግልግል ዳኞች ናቸው፡፡

እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ጊዜ ነው፡፡ እስካሁን በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል የካሳ ክስ በ2 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፡፡ «ነገ ተመለሱ» መባል ይርጋውን አያቆመውም፡፡ ከግጭቱ ቀን ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው ደንበኛ ሌላ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል፡፡