ሥዕል ለሚሠራ ማሽን የመጀመሪያውን ፕሮምፕት እንዴት እንጽፋለን?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል የሚሠራ መሣሪያ ከፍተው «ቡና የምታፈላ ሴት» ብለው ቢጽፉ፣ ሥዕሉ ወዲያው ይመጣልዎታል። ያሰቡት ዓይነት መሆኑ ግን ዕድል ነው። ሴትየዋ ዘመናዊ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ከቡና ማሽን ስትቀዳ ልትመጣ ትችላለች። ጀበና አልተባለ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል አልተነገረ። እንደ ሚድጀርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን ያሉት መሣሪያዎች የሠለጠኑት ከመግለጫቸው ጋር በተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎች ስለሆነ፣ ያልተነገራቸውን ቦታ የሚሞሉት በሥልጠናው ደጋግመው ባዩት ነገር ነው።

ስለዚህ ፕሮምፕት፣ ማለትም ለማሽኑ የምንጽፍለት የጽሑፍ ትእዛዝ፣ አራት ነገር ቢይዝ ለጀማሪ ይበቃል፦ ዋና ጉዳይ፣ መቼት፣ የአሣሣል ስልትና ድባብ። ያችኑ ቡና አፍይ ይዘን እንሞክረው።

ዋናው ጉዳይ ሥዕሉ የማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል። «በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ኢትዮጵያዊት፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ከጀበና ቡና ስትቀዳ» እንበል። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥማል፤ ማሽኑ ጀበናን በደንብ ካላወቀው የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሥላል። መፍትሔው ስሙን መደጋገም ሳይሆን ቅርጹን መናገር ነው፦ «ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ ጥቁር የሸክላ ማፍያ»። ሲኒውንም «እጀታ የሌለው ትንሽ ነጭ ስኒ» ብንል ትልቅ የሻይ ኩባያ የመምጣቱ ነገር ይቀንሳል።

መቼቱ ቦታውንና ጊዜውን ይሰጣል፦ «የጭቃ ቤት ሳሎን፣ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር የተጎዘጎዘበት፣ ማለዳ»። ሁለት ሦስት የሚታዩ ነገሮች ከበቂ በላይ ናቸው። ረከቦቱን፣ ሞሰቡን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ፣ መጋረጃውንና ድመቷን ሁሉ ከደረደርን ማሽኑ አንዳንዱን ይዘላል፣ ያንዱንም ቀለም ለሌላው ያለብሳል። ቀይ የተባለው መጋረጃ ነጭ ሆኖ ቀሚሱ ሲቀላ የምናየው ያኔ ነው።

ስልቱ ሥዕሉ በምን እንደተሠራ ይወስናል፦ ፎቶግራፍ፣ የውሃ ቀለም፣ የዘይት ቀለም፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል። አንዱን ብቻ እንምረጥ። «ፎቶግራፍ» እና «የውሃ ቀለም» አብረው ከተጻፉ ከሁለቱም ያልሆነ ድብልቅ ሊመጣ ይችላል።

ድባብ ላይ ጀማሪ ብዙ ጊዜ «ቆንጆ»፣ «አስደሳች» ብሎ ያልፋል። እነዚህ ቃላት ለማሽኑ ብዙም አይነግሩትም፤ ስሜትን በብርሃንና በቀለም መግለጽ ይሻላል። «በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን፣ ቀጭን የዕጣን ጭስ፣ ቡናማና ወርቃማ ቀለም» ካልን ቤቱ ሞቅ ይላል። መቼቱን ወደ ማታ ቀይረን «አንድ ኩራዝ ብቻ፣ ሰማያዊ ጥላ፣ ደጅ ዝናብ» ብንል ያችው ሴት ብቸኛ ትሆናለች።

ሲገጣጠም እንዲህ ይነበባል፦

«በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ኢትዮጵያዊት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሆዱ ክብ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ጥቁር የሸክላ ጀበና እጀታ በሌላቸው ትንንሽ ነጭ ስኒዎች ቡና ስትቀዳ። የጭቃ ቤት ሳሎን፣ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር፣ ማለዳ። የውሃ ቀለም ሥዕል። በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን፣ ቀጭን የዕጣን ጭስ፣ ቡናማና ወርቃማ ቀለም።»

በውይይት መልክ የሚሠሩት መሣሪያዎች አማርኛ ይቀበላሉ። ሌሎቹ ይበልጥ የሚረዱት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ያንኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ተርጉሞ መስጠት ነው።

የማንፈልገውን ነገር ስም መጥራትም ያሳስታል፤ «ወንበር የሌለበት» ሲባል «ወንበር» የሚለው ቃል ራሱ ወንበር ይዞ ሊመጣ ይችላል። «ሴትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ» ማለት ይሻላል። ሚድጀርኒ ላይ ደግሞ በመጨረሻ `--no chair` ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ሥዕሉ ሳያምር ሲቀር ሁሉንም ከመደለዝ በፊት በዚያው ፕሮምፕት አራት ያህል ሥዕል ማሠራት ይጠቅማል፤ ማሽኑ በየጊዜው የሚነሣው ከተለየ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያል። ጀበናው በአንዱ ብቻ ከተበላሸ ያጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ሌላውን መውሰድ ይበቃል። በአራቱም ማንቆርቆሪያ ከሆነ ግን ጥፋቱ ያለው ቃላችን ላይ ነው። ያኔ የጀበናውን ገለጻ ብቻ ቀይሮ፣ ሌላውን ሳይነኩ እንደገና ማሠራት ነው፤ ለውጡ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ሲቀየር ነውና።