ከቀለበቱ ውስጥ፣ ከሰዓቱ ጀርባ

የቃል ኪዳን ቀለበታችሁን ልትሸጡ ወርቅ ቤት ብትገቡ ባለሱቁ መጀመሪያ ካራቱን ያያል፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ውስጡ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ነገ ቀልጦ የሌላ ሰው ጉትቻ ይሆናልና።

ስሙን ለመቅረጽ የተፋቀው ወርቅስ? እናስላው። የአንድ ስምና የአንድ ቀን ጭረቶች ቢቀጣጠሉ 100 ሚሊሜትር ይሆናሉ እንበል፤ ስፋታቸው 0.2፣ ጥልቀታቸው 0.1 ሚሊሜትር። ከ18 ካራት ወርቅ የሚወጣው 0.03 ግራም ገደማ ነው። ከ4 ግራም ቀለበት ላይ ይህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ቀለበት ላይ የልባችሁን ጻፉ። ጥንቃቄው ለሌላ ነገር ነው። ጣት ሲወፍር ወይም ሲከሳ ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ለማስፋት ወይም ለማጥበብ አንድ ቦታ ይቆርጠዋል። ጽሑፉ ዙሪያውን ከሞላው መጋዙ ፊደል ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ትንሽ ባዶ ቦታ አስተርፉ። በቀጭን ቀለበት ላይ ደግሞ «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ስትታሽ ቶሎ ትጠፋለችና ጽሑፉ ቢያጥር ይሻላል። «3/5/2010» ብሎ ማስቀረጽም በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለልጆች እንቆቅልሽ ማውረስ ነው። «ጥር 3 ቀን 2010» ማለት ይገላግላል።

ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ አይሸጥም። ገዢው ራሱ ሊያስረው ይፈልጋል፤ ገልብጦ ሲያየው «ለውድ ባለቤቴ» የሚል ካነበበ የሰው ስጦታ እንደያዘ ይሰማዋል፣ ዋጋም ይቀንሳል። እናስፋቀው ቢባል፣ ጽሑፉን ለማጥፋት ክዳኑ በሙሉ እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ መውረድ አለበት። ክዳኑ ይሳሳል፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ካለም አብሮ ይጠፋል። ሰዓት የሚያውቅ ሰው መሃሉ ጎድጎድ ማለቱን ብርሃን ላይ አዘንብሎ ሲያየው ይለየዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከተፋቀው የተጻፈበት ይሻላል።

የጽሑፉ ባለቤት ዝነኛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ተዋናዩ ፖል ኒውማን የመኪና ውድድር ይወድ ነበርና ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ በሮሌክስ ዴይቶና ሰዓቱ ጀርባ «ተጠንቅቀህ ንዳ፣ እኔ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አስቀረጸችለት። ሰዓቱ በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ ሲጫረት ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ያ አጭር ጽሑፍ ሰዓቱ የእሱ ለመሆኑ ምስክር ነበር። የእኔና የእናንተ ስም እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም።

የሰዓት ስጦታ ለምታስቀርጹ አንድ ዘዴ አለ። ለዚያው ሞዴል የሚሆን ሁለተኛ ክዳን ከተገኘ ጽሑፉን እሱ ላይ አስቀርጹና የፋብሪካውን ክዳን ከነካርቶኑ አስቀምጡት። ካልተገኘም ክዳኑ ከሰዓቱ ተለይቶ ይቀረጽ፤ የብረት ብናኝ ሞተሩ ውስጥ መግባት የለበትም። ሲመለስም ውሃ የሚከላከለው ጎማ በቦታው መቀመጡን ሰዓት ሠሪው ይፈትሽላችሁ። ሰው ሲሸጥ የመጀመሪያውን ክዳን መልሶ ይገጥማል፤ ጽሑፉ ያለበት መሳቢያው ውስጥ ይቀርለታል።