ዓይን በጉልምስና ሲንሸዋረር

ዓይኑ የተንሸዋረረ ጎልማሳ ሁለት ዓይነት ጣጣ አለበት። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት የእሱ ብቻ ስቃይ ነው፤ ሲያናግሩት ማንን እንደሚያይ ግራ የገባቸው ሰዎች ዞር ዞር ሲሉ የሚሰማው ደግሞ ሌላ። በመነጽር ላይ የሚደረግ ፕሪዝም የሚያስታግሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ «መነጽር እያለ ቀዶ ጥገና ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ችግሮች እንደ አንድ ከመቁጠር የመጣ ይመስለኛል።

የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው እናስብ። ግራ ዓይኑን ወደ ውጭ የሚስበውን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ ተዳክሞ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ተስቧል። ሩቅ ሲያይ፣ ይልቁንም ወደ ግራ ሲመለከት፣ ሁሉ ነገር መንታ ይሆንበታል፤ አንዱን ዓይን ሲሸፍን መንታው ይጠፋል። አንድ ዓይን ተሸፍኖም የማይጠፋ ከሆነ መንስኤው መንሸዋረር አይደለም፤ ሞራ ወይም ሌላ የዚያው ዓይን ችግር ነው። አንድ የፕሪዝም ዳዮፕተር በ1 ሜትር ርቀት ምስልን 1 ሳንቲሜትር ያሸሻል። የዚህ ሰው ልኬት 20 ከሆነ፣ በ6 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከመንታው 120 ሳንቲሜትር ተራርቆ ይታየዋል። ሐኪሙ በግራ መነጽሩ ላይ ስስ የፕላስቲክ ፕሪዝም ይለጥፍለታል፤ ወፍራም ጠርዙ ወደ ጆሮ በኩል ይሆናል። ብርሃኑ ታጥፎ የዞረው ዓይን ማየት በሚችልበት ቦታ ላይ ያርፋል። ዓይኑ ግን እንደዞረ ነው። ፕላስቲኩ እይታን ትንሽ ያደበዝዛል፤ ወደ ግራ ሲያይም መንታው ሊመለስ ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ነርቭ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ በራሱ ስለሚያገግም፣ እየተነሳ የሚቀየር ፕሪዝም ይሻላል።

ልኬቱ ከዚያ በኋላም ካልተለወጠ ቀዶ ጥገናው ይታሰባል። ሐኪሙ የሚሠራው ከዓይን ኳስ ውጭ ባሉት ጡንቻዎች ላይ ነው፤ ወደ አፍንጫ የሚስበውን ነቅሎ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ በመስፋት ያላላዋል፣ ተቃራኒውን ያሳጥረዋል። አንዳንዴ ስፌቱ በሸምቀቆ ይተውና ሰውየው ከሰመመን ሲነቃ እንደ እይታው ይስተካከላል። ድጋሚ የሚሠራላቸው ጥቂት አይደሉም።

«ከልጅነቱ ለተንሸዋረረ ግን ጌጥ ነው፤ ዕድሜውም አልፏል» የሚሉ አሉ። እርግጥ የእሱ አንጎል የአንዱን ዓይን ምስል መዝጋት ስለለመደ መንታ አያይም፤ ፕሪዝምም ብዙ አይረዳውም። ጡንቻ ግን በ50 ዓመትም ይሰፋል፤ ሰውን ፊት ለፊት አይቶ ማነጋገርም ጌጥ አይደለም። ተገቢው ስጋት ሌላ ነው፤ ዓይኑ ሲቃና ያልነበረ መንታ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አስቀድሞ ሙሉውን ልኬት የሚያህል ፕሪዝም ፊቱ ላይ አድርጎ መንታ ይታየው እንደሆነ የሚጠይቀው።

መንታው በድንገት የመጣበት፣ ከራስ ምታት፣ ከዓይን ቆብ መውደቅ ወይም ከብሌን መስፋት ጋር የመጣበት ሰው ግን ስለ መነጽር አያስብ፤ በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።