ኤጀንሲው መዝገብ ላይ ምን ይጻፍ? ሥራው፣ ሰፈሩና ደመወዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ የሚሄድ ሰው «ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትፈልገው?» ሲባል ብዙ ጊዜ «የተገኘውን» ብሎ ይመልሳል። ቦታውን ሲጠየቅ «የትም ይሁን» ይላል፤ ደመወዙን ሲጠየቅ ደግሞ ከማስታወቂያ የለመደውን «በስምምነት» የሚለውን ቃል ይደግማል። እንዲህ የሚለው ዕድል እንዳያመልጠው ሰግቶ ነው። መዝጋቢው ግን የሚጽፈው ነገር አላገኘም።

ኤጀንሲ እንዴት እንደሚሠራ ላወቀ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ አድርጎ ነው። «የመመዝገቢያ» ወይም «የፎርም» ተብሎ ብር የሚጠየቅ ሰው እንግዲህ ገና ከበሩ መጠራጠር አለበት። የሚከፍለው ቀጣሪው በመሆኑ የኤጀንሲው ሥራም የሚጀምረው ከቀጣሪው ጥያቄ ነው። አንድ ድርጅት ደውሎ «ቃሊቲ የሚሠራ፣ ፒችትሪ የሚችል የሒሳብ ሠራተኛ፣ በዚህን ያህል ደመወዝ» ሲል የኤጀንሲው ሰው መዝገቡን የሚያገላብጠው በእነዚህ ነጥቦች ነው። «የተገኘውን» ያለ ሰው ስሙ መዝገቡ ውስጥ ቢኖርም ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን አይታወቅም።

ለምሳሌ አያት የምትኖር፣ በአስመጪ ድርጅት አራት ዓመት የሠራች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። አሁን የሚከፈላት ያልተጣራ ደመወዝ 20,000 ብር ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ ትፈልጋለች። ለኤጀንሲው የምትልከው መልእክት ከዚህ በላይ መርዘም አይኖርበትም፦

«ጤና ይስጥልኝ። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አለኝ፤ በአስመጪ ድርጅት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በፒችትሪ እመዘግባለሁ፣ የባንክ ሒሳብ አስታርቃለሁ፣ የደመወዝ መክፈያ አዘጋጃለሁ፣ የየወሩን የቫት ሪፖርት እሠራለሁ። የምፈልገው የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የከፍተኛ ሒሳብ ሠራተኛ መደብ ነው፤ ገንዘብ ያዥነት አልፈልግም። የምኖረው አያት ነው፤ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ያለ ሥራ ይመቸኛል፣ ቃሊቲና ዱከም ሰርቪስ ካለ እሄዳለሁ። ያልተጣራ ደመወዝ ከ27,500 ብር ጀምሮ እፈልጋለሁ፤ ሰርቪስና ምሳ ካለው ከ24,000 ብር ጀምሮ እነጋገራለሁ። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከተስማማን በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ።»

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ብላ ብቻ አላቆመችም። በእጇ የምትሠራቸውን አራት ሥራዎች ዘርዝራለች፤ ቀጣሪው የሚጠይቀው እነሱን ነውና። የማትፈልገውን መናገሯም ጠቅሟታል። ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ይህ ካልተነገረ ኤጀንሲው ለማትቀበለው ቦታ ልኳት የሁለቱም ቀን በከንቱ ይባክናል።

ደመወዙ ግን ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ይህች ባለሙያ በልቧ የያዘችው በየወሩ 18,000 ብር እጇ እንዲገባ ነው። ስትጠየቅ በአጭሩ «18 ሺህ» ብትል መዝጋቢው የሚጽፈው ያልተጣራ ደመወዝ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ በወር ከ14,000 ብር በላይ የሆነው ክፍል 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። አቋራጩ ስሌት ጠቅላላ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። በዚህ መሠረት የ18,000 ብር ግብር 4,250 ብር ይሆናል፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ደግሞ 1,260 ብር ነው። እጇ የሚገባው 12,490 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ካለችበት 20,000 ብር ላይ ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400 ብር ተቀንሶ 13,650 ብር ታገኛለች። እድገት ፍለጋ ሄዳ በአንድ ያልተብራራ ቁጥር ምክንያት በየወሩ 1,160 ብር ልታጣ ነበር።

ስሌቱን ወደ ኋላ ማስኬድም ቀላል ነው። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ እስከሆነ ድረስ፣ እጅ እንዲገባ ከሚፈለገው ገንዘብ ላይ 2,050 ተቀንሶ ቀሪው ለ0.58 ይካፈላል። 18,000 ሲቀነስ 2,050 15,950 ነው፤ ለ0.58 ሲካፈል 27,500 ይመጣል። መልእክቷ ላይ ያለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ይህ የሚሠራው ሙሉው ገንዘብ መሠረታዊ ደመወዝ ሲሆን ነው። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ቀጣሪው ከፊሉን አበል ካደረገው እጅ የሚገባው ይለወጣል፤ ወደፊት የሚጠራቀመው የጡረታ መብትም ያንሳል። ስለዚህ «መሠረታዊው ስንት ነው? አበሉስ?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛውን ቁጥር፣ 24,000 ብሩን፣ ያመጣው ሰፈሩ ነው። በዚህ ደመወዝ እጇ የሚገባው 15,970 ብር ነው። ከ18,000ው ጋር ያለው የ2,030 ብር ልዩነት የታክሲና የምሳ ወጪዋ ግምት ነው፤ ቀጣሪው እነዚህን ከቻለላት አልተጎዳችም። ከአያት ቃሊቲ በቀላል ባቡር ለመሄድ መሀል ከተማ ላይ መስመር መቀየር ያስፈልጋል፤ ዱከም ደግሞ ከከተማው ውጭ ነው። ታዲያ «የትም ይሁን» ያለ ሰው ቃሊቲ ተቀጥሮ በሁለተኛው ወር ሲለቅ ኤጀንሲውም ከቀጣሪው ጋር ይቃቃራል። ሰፈርንና ሰርቪስን አስቀድሞ መናገር ለመዝጋቢውም እፎይታ ነው።

የተነገረው ሁሉ በወረቀት መደገፍ አለበት። እዚያው አዋጅ ላይ እንደተደነገገው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን መሥሪያ ቤቱ ሥራ እየፈለገ መሆኑን እንዲያውቅ ላይፈልግ ይችላል። «የአሁኑን አሠሪዬን ሳታማክሩኝ አትደውሉላቸው፤ ሲቪዬንም ወደ የትኛው ድርጅት እንደምትልኩ አስቀድማችሁ ንገሩኝ» ብሎ ማሳሰብ ነውር የለውም። የሁለተኛው ማሳሰቢያ ጥቅም ሌላም አለ። ሁለት ኤጀንሲዎች የአንድን ሰው ሲቪ ለአንድ ቀጣሪ ቢያቀርቡ ክፍያው ለማን ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ ቀጣሪውም ጭቅጭቁን ለመሸሽ ሌላ አመልካች ሊመርጥ ይችላል።

ቀጠሮ ተይዞ ነገሩ ወደ ውል ሲቃረብ ደግሞ አሠሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ኤጀንሲ አገናኝቶ ይወጣል፤ ውሉ ከድርጅቱ ጋር ይፈረማል። ሌላው ግን ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ያሰማራል፤ በጥበቃና በጽዳት ሥራ ይህ የተለመደ ነው። በሁለተኛው መንገድ ደመወዝ የሚከፍለው ኤጀንሲው ነው። እዚያ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ውሉ ላይ የሚያርፈው ማኅተም የማን እንደሆነ፣ ጡረታው በማን ስም እንደሚገባና ድርጅቱ ከኤጀንሲው ጋር ያለውን ውል ቢያቋርጥ ሠራተኛው ወዴት እንደሚመደብ ነው።