ፋሲካን ከዕንቁላሉ መጀመር

የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴው የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ቤት ሲደረስ ዶሮ ወጡ ይጠብቃል። ሁዳዴን ሙሉ፣ 55 ቀን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል ያልቀመሰ ሰው፣ አንዳንዱም ከዓርብ ጀምሮ አክፍሎ የሰነበተ፣ በአንድ ማዕድ ሁሉንም ሊበላ ይቀርባል። ጠዋት ሆዱ ሲነፋና ሲቆርጠው ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዕንቁላሉ ነው። እኔ ግን ከሚገደፍባቸው ምግቦች ሁሉ ለሆድ ከሚቀሉት አንዱ ዕንቁላሉ ነው እላለሁ። የሚከብደው ከእሱ ጋር የሚገባው ቅቤ፣ የምግቡ ብዛትና ሰዓቱ ነው።

አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5 ግራም ያህል ስብ አለው። ስቡ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው፤ ነጩ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ግን ብቻውን 14 ግራም ያህል ስብ ነው፣ የሦስት ዕንቁላል ስብ ማለት ነው። ቅቤው በደንብ የወጣለት ዶሮ ወጥ ላይ እንጀራ ስናጠቅስ ከዚህ በላይ ሳናውቀው እንወስዳለን። ስብ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ የከበደ ሆድ ይዞ መተኛቱም ቃሩን ያባብሰዋል።

ስቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ይኮማተርና ያጠራቀመውን ሐሞት ይለቃል። ብዙ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሐሞቱ እዚያው እየተጠራቀመ ይወፍራል። ጤነኛ ሰው ይህን አይሰማውም። በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው ግን፣ ጠጠሩ እንዳለ ባያውቅም እንኳ፣ የመጀመሪያው የቅቤ ማዕድ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ከተበላ በኋላ ከቀኝ ጎድን ሥር ወይም ከእንብርት በላይ ጠንካራ ሕመም ይጀምራል፤ አንዳንዴ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል። ሕመሙ ሰዓታት ከቆየ፣ ትኩሳት ከተከተለ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ በዓል ነው ብሎ መቆየት የለም፤ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አፈታቱ ግን ከፋሲካ ሌሊት ቀደም ብሎ ይጀምራል። በጾሙ ፕሮቲኑን ያልጎደለው ሰው ሌሊት ላይ በሥጋው አይንገበገብም። የጎልማሳ ሰው የቀን ፍላጎት በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 48 ግራም ትፈልጋለች፤ የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ ዕንቁላሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ 50 አለፍ ቢል ይሻላል። ይህቺ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ በቀን ሁለቴ ትበላለች እንበል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ እንጀራ በሽሮና በምስር ወጥ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በሱፍ ፍትፍት፣ ከዚያ የባቄላ ንፍሮ። እንጀራው በድምሩ ከ15 ግራም አያንስም። ከ40 ግራም የሽሮ ዱቄት 8፣ ከ50 ግራም ጥሬ ምስር 12፣ ከ50 ግራም ደረቅ ባቄላ 12፣ ከአንድ እፍኝ ሱፍ 6 ግራም ታገኛለች። ሲደመር 53 ይሆናል። ዕንቁላልም ወተትም የለበትም፤ ሞላ።

የሚጎድለው የት ላይ እንደሆነ የሚታየው በያይነቱ ላይ ነው። ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ ሰሃኑን ይሞሉታል፤ ከመካከላቸው ጥራጥሬ የሆነው አንዲት ማንኪያ ምስርና አንዲት ማንኪያ ክክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት መቶ ግራም ድንች የሚሰጠው ፕሮቲን 4 ግራም ነው። ስለዚህ በያይነቱን የሚያዝ ሰው ሽሮ ወይም ምስር ያስጨምር። እናቶቻችን ለጸሎተ ሐሙስ የሚያዘጋጁት ጉልባን ይህን ነገር በአንድ ሰሃን ይፈታዋል፤ የስንዴው ፕሮቲን የሚጎድለው በባቄላው ይሞላል፣ የባቄላው የሚጎድለው በስንዴው። እኔ ጉልባንን ለአንድ ሐሙስ ብቻ መተዋችንን አልወድም።

በጥራጥሬ የማይሞላ አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ 12። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ሁዳዴ ብቻውን አይጨርሰውም። ግን አጽዋማቱን ሁሉ፣ ረቡዕና ዓርቡን ጨምሮ፣ ዓመት በዓመት የሚጾም፣ በፍስክም የእንስሳት ምግብ እምብዛም የማያገኝ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ወይም የማያቋርጥ ድካም ሲሰማው በደም ምርመራ ቢታይ ጥሩ ነው።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። በብዙ ቤት ከዶሮው በፊት ተልባ ይጠጣል፤ ተቆልቶ ተፈጭቶ በውኃ የተበጠበጠ። ተልባ በውኃ ሲበጠበጥ ይለጠልጣል፤ ባዶ ጨጓራ በርበሬና ቅቤ ከመቀበሉ በፊት ለስላሳ ነገር ያገኛል፤ ጾመኛውም ጥማቱን ቆርጦ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዕንቁላሉ ይቀድም። ከወጡ አንድ ዕንቁላል ማውጣት፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በማንኪያ ገፋ አድርጎ ከሥር ጥቂት መረቅ መጨመር፣ በግማሽ እንጀራ መብላት። ሥጋው ለጠዋት ይቆይ። ጨጓራ ያለበት ሰው ዕንቁላሉን ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ያስቀር። ለሁሉም ግን አስኳሉ እስኪጠጥር፣ 10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ይቀቀል፤ በዓል የሚያበላሽ ተቅማጥ ከጥሬ ዕንቁላልም ይመጣልና። አስቸጋሪው ሆድ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ናት፦ «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» ያኔ ጉርሻውን ተቀብሎ ሰሃኑን መተው ይቻላል።

ወጡ ቅዳሜ ከሰዓት ተሠርቶ ሌሊት ይበላል፤ በመሃሉ ብዙ ሰዓት አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጓዳ ውስጥ በክፍል ሙቀት አይቀመጥ፤ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይግባና ሊበላ ሲል እስኪፈላ ይሙቅ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ወጡን ቅዳሜ ማታ ዘግይቶ ማውጣት ይሻለዋል።

ሆድ ከተረበሸ ምክንያቱን ሰዓቱ ይናገራል። ወተት ተጠጥቶ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ ከነፋና ካንጎራጎረ ነገሩ የወተቱ ስኳር ነው። የአዋቂ አንጀት ይህን ስኳር የሚፈጭበት ኃይል በዘር የሚወሰን ነው፤ ጾሙ አይቀንሰውም። ሆኖም ወተት አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አንጀቱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይለምዱታል፣ በ55 ቀንም ይረሱታል። ስለዚህ ወተቱን በጥቂቱ፣ በግማሽ ስኒ፣ ከምግብ ጋር መጀመር ነው። አይብና እርጎ ስኳራቸው አነስተኛ ስለሆነ ይቀድሙታል። በማግሥቱ ትኩሳትና ተቅማጥ ከመጣ ግን ጥርጣሬው ወደ ወጡ አቀማመጥ ይሂድ።

ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ላይ ጥሬ ሥጋ የሚያጣድፍ ምንም የለም። ክትፎው ለብለብ ቢሆን እንኳ የኮሶ ትል የሚሞተው በደንብ ሲበስል ነው፤ ነፍሰ ጡርማ ከነጭራሹ ጥሬ ባትበላ ይሻላል። በስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ማክፈሉንም ሆነ የሌሊቱን ማዕድ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ መርፌው ወይም ኪኒኑ እንደ ምግቡ ሰዓት መዛወር ሊኖርበት ይችላል።